የተቀዳ የሜንተርሺፕ ውይይት አጠቃለል፦ ግብ፣ ምክርና የተገባ ቃል ሳይደበላለቁ

የሜንተርሺፕ ውይይት ሰምተው ማጠቃለያ የሚያወጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ ይህ ነው፦ «ቅጂውን ሁለቴ ሰማሁት፤ ምንም ሳላስቀር አራት ገጽ ጻፍኩ። ምክር ተቀባይዋ ስታነበው ግን ‹እኔ ይህን ሁሉ አደርጋለሁ መቼ አልኩ?› አለች። የት ላይ ተሳሳትኩ?»

ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። መካሪው «እንዲህ ብታደርጊ» ያለው፣ እሷም «እሺ» ብላ ያለፈችው ነገር በማጠቃለያው ላይ «ታደርጋለች» ተብሎ ተጽፏል። ምክሩ ወደ ቃል ኪዳን ተለወጠ ማለት ነው። ይህ መመሪያ ሦስቱን፣ ማለትም ግብን፣ ምክርንና የተገባ ቃልን፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ ቅጂ ውስጥ እንዴት ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሜንተሩን «መካሪ»፣ ምክር ተቀባዩን ደግሞ «ተመካሪ» እያልን እንቀጥላለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የድምፅ ፋይሉና አንድ ኮፒው። የምትሰሙት ኮፒውን ነው፤ ዋናውን አትንኩት።
- የጆሮ ማዳመጫ። የአማርኛ ግስ ማን እንደሚያደርግ የሚናገረው በመጀመሪያዋና በመጨረሻዋ ድምፅ ስለሆነ በስልክ ድምፅ ማጉያ መስማት ያሳስታል።
- ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመልስና ፍጥነት የሚቀንስ ማጫወቻ። ዊንዶውስ ላይ ቪኤልሲ የምትጠቀሙ ከሆነ `Shift + ←` 3 ሰከንድ፣ `Alt + ←` 10 ሰከንድ ይመልሳል፤ `[` ደግሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል።
- አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ፦ ደቂቃ፣ ተናጋሪ፣ የተባለው (ቃል በቃል)፣ ምልክት።
- ውይይቱ የተካሄደበት ቀን ከነዕለቱ። «ማክሰኞ መጋቢት 10» ተብሎ ይያዝ፤ «መጋቢት 10» ብቻ አይበቃም። ምክንያቱ ደረጃ 7 ላይ ይመጣል።
- ያለፈው ውይይት ማጠቃለያ፣ ካለ።
- ለ50 ደቂቃ ቅጂ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከጨረሳችሁት ሁለተኛውን ማዳመጥ ዘላችሁታል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱም ወገኖች መቀዳታቸውን እንደሚያውቁ፣ ማጠቃለያውን ማን እንደሚያነበውም እንደተስማሙ ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። አንባቢው ተመካሪዋ ብቻ ስትሆንና አለቃዋም የሚያየው ሲሆን የሚጻፈው አንድ አይደለም። በእንዲህ ያለ ውይይት ላይ ስለ ሥራ ባልደረባ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት ጉዳይ ይወራል፤ ከግቡ፣ ከምክሩና ከቃሉ ጋር ካልተያያዘ ወደ ማጠቃለያው አይገባም። የሦስተኛ ሰው ስም ካለም በሥራ ድርሻው ይተካ።

## 1. መጀመሪያ ሳታቆሙ ስሙት

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ስሙት። ወደ ኋላ አትመልሱ፣ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ወሬው በተቀየረ ቁጥር ደቂቃውንና ርዕሱን በሁለት ሦስት ቃል ብቻ አስፍሩ፦ «03 – ጊዜ አይበቃም»፣ «17 – ሥራ ማካፈል»፣ «34 – ሳምንታዊ ስብሰባ»።

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው እንደ ጊዜ ማባከን ያየዋል። ነገር ግን ተመካሪ መጀመሪያ ላይ የሚናገረው ግብና እያደር የሚወጣው ግብ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እያቆማችሁ ከጻፋችሁ በሦስተኛው ደቂቃ ላይ የተባለውን «ግብ» ብላችሁ ትይዙትና የቀረውን ሁሉ በእሱ መነጽር ትሰሙታላችሁ። መጨረሻውን ያወቀ ጆሮ ግን መጀመሪያውን በትክክል ይመዝናል።

## 2. በሁለተኛው ዙር መስመሮቹን ቃል በቃል አውጡ

አሁን እያቆማችሁ ስሙ። ሁሉንም መገልበጥ አያስፈልግም። የምታወጡት አንድ ነገር እንዲሆን የሚፈለግበትን፣ አንድ ነገር እንዲደረግ የሚመከርበትን ወይም አንድ ነገር እንደሚደረግ የሚነገርበትን መስመር ብቻ ነው። ከ50 ደቂቃ ውይይት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 መስመር ይወጣል። 80 ከሆነ ወሬውን እየገለበጣችሁ ነው። 8 ከሆነ ደግሞ ገና ስትሰሙ ማጠቃለል ጀምራችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ ግሱን አትንኩ። ተመካሪዋ «ልጽፈው አስቤያለሁ» ካለች ሰንጠረዡ ላይ «ልጽፈው አስቤያለሁ» ይግባ። «ትጽፈዋለች» ብላችሁ ካሳጠራችሁት ቀጣዩን ደረጃ የሚሠራው መረጃ ጠፋ፤ ተመልሶ የሚገኘውም ቅጂውን እንደገና በመስማት ብቻ ነው።

በአማርኛ አድራጊው ግሱ ውስጥ ስላለ «እልካለሁ» እና «እንልካለን» የሚለያዩት በትንሽ ድምፅ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ወይም ወንበር ሲንቋቋ ያቺ ድምፅ ትዋጣለች። በተለይ አሉታን ተጠንቀቁ፦ «አልልክም» ከፊቱ «አል»፣ ከኋላው «ም» አለው፤ አንዱን ብቻ ከሰማችሁ ሌላውን ፈልጉ። ሦስት ጊዜ ሰምታችሁ ካልለየ መስመሩን «አይሰማም» ብላችሁ ከነደቂቃው ተዉት። የማይሰማን ግስ በግምት መሙላት በሰው ስም ቃል መግባት ነው።

## 3. እያንዳንዱን መስመር በግሱ መድቡ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። አራተኛው ዓምድ ላይ «ግ» (ግብ)፣ «ም» (ምክር)፣ «ቃ» (የተገባ ቃል) ወይም፣ ላልለየው፣ «?» ጻፉ። መለያው ጉዳዩ ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ አይደለም፤ ማን ተናገረው፣ በምን ዓይነት ግስ ተናገረው የሚለው ነው።

መካሪው ሲናገር ምክር በትእዛዝ መልክ ብቻ አይመጣም። «ጻፊው» ግልጽ ነው። «ብትጽፊው»፣ «ለምን አትጽፊውም?»፣ «እኔ ብሆን እጽፈው ነበር» የሚሉትም ሦስቱም ምክሮች ናቸው። ጥያቄ ስለሚመስሉ ወይም ስለ ራሱ የሚያወራ ስለሚመስል ጀማሪ ይዘላቸዋል። በተቃራኒው መካሪው ስላለፈ ሕይወቱ የሚያወራው ሁሉ ምክር አይደለም። መለያው ቀላል ነው፤ ከታሪኩ በኋላ «ስለዚህ አንቺም...» የሚል ወይም የሚመስል መስመር ካለ ያ መስመር ምክር ነው፣ ታሪኩም ምክንያቱ ይሆናል። ከሌለ ታሪኩን ተዉት፤ ትርጉም እየሰጣችሁ ምክር አታውጡለት።

ተመካሪዋ ስትናገር ደግሞ ግሶቿ እንደ መሰላል ናቸው፦

- «እልካለሁ» ከጊዜ ወይም ከተለየ ድርጊት ጋር ሲመጣ የተገባ ቃል ነው። «ቃ»።
- «ልልክ አስቤያለሁ» ሐሳብ ነው። «?»።
- «መላክ አለብኝ» ግዴታውን ማመን ነው። ሰው ማድረግ ያለበትን ሁሉ አያደርግም። «?»።
- «ብልክ ይሻላል» አስተያየት ነው። «?»።
- «እሞክራለሁ» መሞከር ነው የተባለው፤ ማጠቃለያው ላይም «ትሞክራለች» ተብሎ ይቀመጥ እንጂ «ታደርጋለች» አይባል።
- «እናያለን» በጨዋ ደንብ የቀረበ «አሁን አይደለም» ነው። ቃል ውስጥ አይገባም።
- «አለቃዬ ከፈቀደ እጀምራለሁ» ቃል ነው፣ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታው ከተቆረጠ ሌላ ቃል ይሆናል። «ከፈቀደ» የሚለውን አብራችሁ ያዙ።

ስለ «እሺ» ለብቻው መነገር አለበት። ለታላቅ ወይም ለአለቃ የሚባል «እሺ» አብዛኛውን ጊዜ «ሰማሁ»፣ «ገባኝ»፣ «ይቀጥሉ» ማለት ነው፤ «አደርገዋለሁ» የሚለውን ትርጉም የሚያገኘው ከኋላው የራሷ ግስ ሲከተለው ነው። ስለዚህ «እሺ» በሰማችሁ ቁጥር የሚቀጥሉትን 10 ሰከንዶች ስሙ። «እሺ፣ ነገ እደውላለሁ» ካለች «ቃ»። «እሺ... እሺ» ብላ መካሪው ወደ ሌላ ርዕስ ከሄደ መስመሩ «ም» ሆኖ ይቀራል። መካሪው «እስከ ሐሙስ ትልኪልኛለሽ» ብሎ እሷ «እሺ» ብትልስ? ቃሉን የተናገረው እሱ ነው፣ እሷ አልካደችም። «?» አድርጉትና በደረጃ 8 ጠይቋት።

ሌላው ወጥመድ ራሱ «እልካለሁ» ነው። በአማርኛ ይህ ግስ የወደፊትንም የዘወትርንም ይይዛል። «በየሳምንቱ ሪፖርት እልካለሁ» ያለችው ከዛሬ በኋላ ልትጀምር ነው ወይስ እስካሁንም የምታደርገውን እየገለጸች? ከፊት ያለው ጥያቄ ይመልስላችኋል። መካሪው «አሁን ምን እያደረግሽ ነው?» ብሎ ከነበረ ሁኔታ መግለጫ ነው፤ «ከዚህ በኋላስ?» ካለ ቃል ነው።

መካሪው «እናስተካክለዋለን»፣ «እንጽፈዋለን» ሲል «እኛ» ማን ነው? ብዙ ጊዜ «አንቺ» ለማለት በትሕትና የተነገረ ነው፣ አንዳንዴ ግን በእርግጥ አብሮ ሊሠራ አስቦ ነው። በኋላ ላይ ሥራውን የሚከፋፍል መስመር ካላገኛችሁ «?» ይሁን።

## 4. ግቡን ጻፉ

አንድ ወይም ሁለት ግብ በቂ ነው። ከአንድ ውይይት አምስት ግብ ከወጣላችሁ ምኞትን፣ ቅሬታንና ሥራን ቀላቅላችኋል። «ግ» የተባሉትን መስመሮች በደቂቃ ቅደም ተከተል አስቀምጧቸውና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውይይቱ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፈው በየትኛው ላይ ነው? የተገቡት ቃሎች የሚያገለግሉትስ የትኛውን ነው? መልሱ አንድ ዓይነት ከሆነ ዋናው ግብ እሱ ነው፣ መጀመሪያ የተነገረው ባይሆንም እንኳ። መጀመሪያ የተነገረውን ግን አትሰርዙት፤ «መጀመሪያ ያነሳችው» ብላችሁ በአንድ መስመር ያዙት። ተመካሪዋ ከምን ተነስታ የት እንደደረሰች የሚያሳየው እሱ ነው።

ግቡ በእሷ ቃላት ይጻፍ። «የመሪነት ክህሎትን ማዳበር» ብላችሁ ካሳመራችሁት በሚቀጥለው ውይይት ላይ ደርሳበታለች አልደረሰችበትም ብሎ የሚፈርድ ሰው አይኖርም። መካሪው ያቀረበውና እሷ ያልተቀበለችው ግብ ካለም ግብ አይደለም፤ ወደ ምክር ክፍሉ ይሂድ።

## 5. ምክሩን ከነምክንያቱ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ምክር ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ምን ይደረግ፣ ለምን፣ ተመካሪዋ ምን መለሰች። ምክንያቱ የሚጻፈው ሁኔታው ሲቀየር ምክሩ አሁንም ይሠራ እንደሆነ እንድትፈርድ ስለሚረዳት ነው። «መግለጫ በጽሑፍ ስጪ» የሚለው ብቻውን ደረቅ ትእዛዝ ነው፤ «አለዚያ ተሳስቶ ሲመጣ መልሰሽ አንቺው ትሠሪዋለሽ» የሚለው ሲታከልበት ግን የት ቦታ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል።

መልሷ ደግሞ በአጭሩ ይያዝ፦ ተቀበለች፣ «እሺ» ብላ አለፈች፣ አልተስማማችም፣ አሻሽላ ወሰደች። ያልተቀበለችውን ምክር መሰረዝ የተለመደ ስህተት ነው። ከተሰረዘ መካሪው በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ምክር እንደ አዲስ ያመጣዋል፣ እሷም ያንኑ ምክንያት ትደግማለች።

## 6. የተገባውን ቃል ጻፉ

«ቃ» የተባሉት ብቻ እዚህ ይገባሉ። እያንዳንዱ አራት ክፍል አለው፦ ድርጊቱ፣ ቀኑ፣ መደረጉ በምን እንደሚታወቅ፣ እና ቅጂው ላይ የተነገረበት ደቂቃ። አንዱ ክፍል በውይይቱ ውስጥ ካልተነገረ ባዶ ቦታውን በግልጽ አሳዩት፦ «ቀን አልተቆረጠለትም»። ቀን ስትጨምሩ ማጠቃለያው የተሟላ ይመስላል፤ ነገር ግን ያልገባችበትን የጊዜ ገደብ ሰጣችኋት።

መካሪው የገባው ቃልም ይኖራል፦ «አይቼ እመልስልሻለሁ»፣ «ከአንድ ሰው ጋር አገናኝሻለሁ»። ለየብቻው ጻፉት። የተመካሪዋ ቃል በመካሪው ቃል ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን እሱ ሲዘገይ እሷ እንደዘገየች ተደርጎ እንዳይቆጠር የሚያደርገው ይህ ክፍል ነው።

## 7. «ሐሙስ» እና «በቅርቡ» ወደ ቀን ይለወጡ

ሰው ሲናገር «ነገ»፣ «እስከ ሐሙስ»፣ «የዛሬ ሳምንት» ይላል። እነዚህ የሚቆጠሩት ውይይቱ ከተካሄደበት ቀን ነው፣ እናንተ ከምትሰሙበት አይደለም። ቅጂውን ከሦስት ቀን በኋላ የሚሰማ ሰው «ነገ» የሚለውን በራሱ ነገ ሲቆጥረው ብዙ አይተናል። ዕለቱ ከቀኑ ጋር ይያዝ ያልነውም ለዚህ ነው፤ ውይይቱ ማክሰኞ መጋቢት 10 ከነበረ «ሐሙስ» መጋቢት 12 ነው። «የሚቀጥለው ሐሙስ» ግን ለአንዱ 12፣ ለሌላው 19 ስለሆነ ሁለቱንም ጽፋችሁ ጠይቁ። ሁለት የቀን አቆጣጠር የሚጠቀሙ አንባቢዎች ካሉ በየትኛው እንደጻፋችሁ ከላይ አስፍሩ። «በቅርቡ» እና «ሰሞኑን» ወደ ቀን አይለወጡም፤ በጥቅስ ምልክት እንዳሉ ይቀመጡ።

## ከመስመር ወደ ማጠቃለያ፦ አንድ ምሳሌ

አዲስ የቡድን መሪ የሆነች ተመካሪ ከመካሪዋ ጋር ማክሰኞ መጋቢት 10 ያደረገችው የ52 ደቂቃ ውይይት ነው እንበል። ከሰንጠረዡ ዋና ዋናዎቹ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

03:10 ተመካሪ – «የጊዜ አጠቃቀሜን ማስተካከል ነው የምፈልገው። ቀኑ አይበቃኝም።»

17:42 ተመካሪ – «እውነቱን ለመናገር ሥራውን ለልጆቹ ብሰጣቸውም መልሼ እኔው ነኝ የምሠራው። ይህን ካልተውኩ ቡድን እየመራሁ ነው ማለት አልችልም።»

21:05 መካሪ – «ወርሃዊ ሪፖርቱን ለአንዱ ስጪው። ስትሰጪው ግን ያለቀ ሪፖርት ምን እንደሚመስል ጽፈሽ ስጪው። አለዚያ ተሳስቶ ሲያመጣው መልሰሽ አንቺው ትሠሪዋለሽ።»

21:50 ተመካሪ – «እሺ፣ እሺ።»

34:15 መካሪ – «በየሳምንቱ ከእያንዳንዳቸው ጋር ግማሽ ሰዓት ብትቀመጪስ?»

34:22 ተመካሪ – «ስድስት ናቸው እኮ፤ ሦስት ሰዓት ይሄድብኛል። በየሳምንቱ አይሆንልኝም። በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ እሞክራለሁ።»

41:08 ተመካሪ – «እንግዲህ የሪፖርቱን መግለጫ እስከ ሐሙስ ጽፌ እልክልዎታለሁ። እርስዎ ካዩት በኋላ ለባልደረባዬ እሰጠዋለሁ።»

41:20 መካሪ – «ላኪልኝ። በሁለት ቀን ውስጥ አይቼ እመልስልሻለሁ።»

47:30 ተመካሪ – «ስለ ቅዳሜው ሥራም ከአለቃዬ ጋር መነጋገር አለብኝ።»

47:36 መካሪ – «አዎ፣ ተነጋገሪ።»

እዚህ ላይ ዓይን የሚጣልባቸው 21:05 እና 21:50 ናቸው። በዚህ ደቂቃ ላይ ብናቆም ኖሮ ምክር ብቻ ነበረን። ሪፖርቱን የማስተላለፉ ነገር ቃል የሆነው ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ 41:08 ላይ፣ በራሷ ግስና በራሷ ቀን ስትናገረው ነው። ማጠቃለያው ላይም የሚጠቀሰው ደቂቃ 41:08 እንጂ 21:50 አይደለም። 47:30 ደግሞ «አለብኝ» ነው፤ መካሪውም «ተነጋገሪ» አለ፤ ግን «እነጋገራለሁ» ያለ ሰው የለም። ማጠቃለያው እንዲህ ይወጣል፦

> ውይይት፦ ማክሰኞ መጋቢት 10፣ 52 ደቂቃ
>
> ግብ
> ለቡድኑ የሰጠችውን ሥራ መልሳ ራሷ መሥራቷን መተው (17:42)። መጀመሪያ ያነሳችው፦ «ቀኑ አይበቃኝም» (03:10)።
>
> የተሰጠ ምክር
> – ወርሃዊ ሪፖርቱን ለአንድ ባልደረባ መስጠት፣ ያለቀ ሪፖርት ምን እንደሚመስል ከሚገልጽ ጽሑፍ ጋር። ምክንያት፦ መግለጫ ከሌለ ሥራው ተሳስቶ ወደ እሷ ይመለሳል (21:05)። መልስ፦ ተቀበለች (41:08)።
> – ከእያንዳንዱ የቡድኑ አባል ጋር በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ (34:15)። መልስ፦ በየሳምንቱ አልተስማማችም፤ ስድስት ሰው ሦስት ሰዓት ይወስዳል (34:22)።
>
> ተመካሪዋ የገባችው ቃል
> – የሪፖርቱን መግለጫ ጽፋ እስከ ሐሙስ መጋቢት 12 ለመካሪው ትልካለች። መታወቂያው፦ የተላከው ጽሑፍ (41:08)።
> – መካሪው ካየው በኋላ ለባልደረባዋ ትሰጣለች። ቀን አልተቆረጠለትም (41:08)።
> – በየሁለት ሳምንቱ ከአባላቱ ጋር መቀመጥን ትሞክራለች። የመጀመሪያው ቀን አልተቆረጠለትም (34:22)።
>
> መካሪው የገባው ቃል
> – መግለጫው በደረሰው በሁለት ቀን ውስጥ አይቶ ይመልሳል (41:20)።
>
> ያልለየ
> – ከአለቃዋ ጋር ስለ ቅዳሜው ሥራ መነጋገር፦ «መነጋገር አለብኝ» ብላለች (47:30)። ቃል ነው?

ከአንድ ገጽ ያለፈ ማጠቃለያ አይነበብም፤ የ52 ደቂቃው ውይይት እዚህ ላይ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም።

## 8. ለተመካሪዋ ላኩና አስጸድቁ

ውይይቱ በተደረገ በ24 ሰዓት፣ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ላኩት። በምሳሌው ላይ የመጀመሪያው ቃል የሚደርሰው በሁለት ቀን ነው፤ ዓርብ የደረሰ ማጠቃለያ የሐሙስን ሥራ አያስታውስም። መጀመሪያ ለእሷ፣ ከዚያ ለመካሪው ይሂድ፤ መካሪው ቀድሞ ካየው የተጻፈውን ማረም ለእሷ መሟገት ይሆንባታል።

«እባክሽ አይተሽ አስተያየት ስጪበት» አትበሉ። «ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ» የሚል መልስ ይመጣል፣ እሱም ሌላ «እሺ» ነው። በ«ያልለየ» ሥር ያሉትን አንድ በአንድ፣ በተዘጋ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስለ ቅዳሜው ሥራ ከአለቃሽ ጋር ለመነጋገር ወስነሻል? ከሆነ እስከ መቼ? ካልሆነ ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ።» መልስ ካልመጣ በ«ያልለየ» ሥር ይቆይ፤ ዝምታ ወደ ቃል አያሸጋግረውም። ሐሳቧን ቀይራ ቃሏን ማንሳት ከፈለገች መስመሩን አትሰርዙት፤ «መጋቢት 11 አንስታዋለች» ብላችሁ ከጎኑ ጻፉ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*የቃሉ ዝርዝር ከምክሩ ዝርዝር ጋር አንድ ለአንድ ይገጥማል።* ይህን ስታዩ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ። እውነተኛ ውይይት ላይ ከምክሩ ጥቂቱ ብቻ ቃል ይሆናል፤ ከገጠመ «እሺ»ዎቹን ሁሉ ቃል አድርጋችኋል።

*ደቂቃ የሌለው መስመር።* ደቂቃውን ልታገኙት ካልቻላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ያልተባለ ነገር ነው፤ ከሁለት የተለያዩ መስመሮች በአእምሯችሁ የተገጣጠመ። አውጡት።

*ያለፈው ማጠቃለያ ሰርጎ መግባት።* ባለፈው ውይይት የተገባ ቃል ዛሬ ካልተነሳ በዛሬው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። «ካለፈው የቀረ» በሚል ራሱን ችሎ ይቀመጥ። ዛሬ ተነስቶ «አልደረስኩበትም» ከተባለም ይህ ሁኔታ መግለጫ እንጂ አዲስ ቃል አይደለም፣ «በሚቀጥለው ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ካልተከተለው በስተቀር።

*ስሜትን መተርጎም።* «የተጨነቀች ትመስላለች»፣ «በጣም ተነሳስታለች» የሚሉ መስመሮች ቅጂው ላይ የሉም፤ የሰሚው ግምት ናቸው። ራሷ «ፈርቻለሁ» ካለችና ፍርሃቱ ከግቡ ጋር ከተያያዘ በጥቅስ ምልክት ከነደቂቃው ይግባ።

*ቅጂውን ለማጥፋት መቸኮል።* ፋይሉ እንደሚጠፋ ተስማምታችሁ ከሆነ የሚጠፋው ተመካሪዋ ካጸደቀች በኋላ ነው። «እንዲህ አላልኩም» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ማጠቃለያው በተላከ ማግስት ስለሆነ በዚያ ሰዓት 41:08ን ከፍታችሁ የምትሰሙት ነገር ያስፈልጋችኋል።